ከአውቶቡስ ተራ እስከ ኤምባሲ፦ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ውጭ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ

አውቶቡስ ተራ ጠዋት ከክፍለ ሀገር መኪና የሚወርደው ሰው ሁሉ ለንግድ አይመጣም። ሰነድ በፌስታል ጠቅልሎ «ይሄን የት ነው የማስመታው?» ብሎ የሚጠይቅም ብዙ ነው። በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎችም አንዱ ይኸው ነው፤ ስለዚህ መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍንላችሁ።

🔹 ማኅተሙ ምን ያረጋግጣል?

ይሄ ካልገባን ሌላው ሁሉ ይምታታል። አንድ መሥሪያ ቤት ሰርተፍኬታችሁ ላይ ማኅተም ሲመታ «ይህች ሴት በእርግጥ በዚህ ቀን ተወልዳለች» ማለቱ አይደለም። «ከእኔ በፊት የፈረመው ሰው ፊርማና ማኅተም ትክክለኛ ነው» ማለቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅተም ምስክርነቱ ከሱ በፊት ላለው ማኅተም ብቻ ነው። ወረዳው ስማችሁን አሳስቶ ከጻፈው ስህተቱ ማንም ሳያቆመው ሁሉንም ቢሮ አልፎ ኤምባሲ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ግን ከፓስፖርታችሁ ጋር ይነጻጸራል።

በ1961 እ.ኤ.አ. በሄግ የተፈረመ ስምምነት አለ። አባል አገሮች «አፖስቲል» በሚባል አንድ ማረጋገጫ ብቻ ሰነድ ይቀባበላሉ። ኢትዮጵያ ከዚህ ስምምነት ውጭ ሆና በመቆየቷ ነው የእኛ ሰነድ በየቢሮው ሲዞር የኖረው።

🔹 ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ሰርተፍኬቱ የክብር መዝገብ ሹም የሰጠው መሆን አለበት። በአዋጅ 760/2004 መሠረት አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። የክርስትና ካርድ፣ የኒካ ወረቀት ወይም የሽማግሌዎች የጋብቻ ውል ጥሩ ደጋፊ ማስረጃ ነው እንጂ ሰርተፍኬቱን አይተካም። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በባህል የተጋቡም ጋብቻቸውን ማስመዝገብ አለባቸው። በዚህ ጊዜ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ መጻፋቸውን እዩ። የዛሬ አምስት ዓመት ተጋብታችሁ ሰርተፍኬቱ ዛሬ የተጋባችሁ ካስመሰለው፣ ልጃችሁ ከጋብቻው በፊት የተወለደ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ የሰጪውን ቢሮ ፊርማና ማኅተም የሚያውቀው የበላይ አካል ያረጋግጠዋል። አዲስ አበባ ላይ ይሄ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ሥራ ነው። ከክልል የምትመጡ ልብ በሉ፦ ማረጋገጥ ማለት እጅ ላይ ካለ የፊርማና የማኅተም ናሙና ጋር ማነጻጸር ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ከሌለ ወደ መጣችሁበት ትመለሳላችሁ። ስለዚህ መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት የክልሉ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሰነዱን አይቶ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ትርጉም ካስፈለገ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት ይተረጎማል፤ ትርጉሙን የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው፣ ያረጋግጠዋል። አዲስ አበባ አሁን የሚሰጠው ሰርተፍኬት አማርኛና እንግሊዝኛ ስላለው ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ላያስፈልገው ይችላል። የምትተረጉሙ ከሆነ ግን ትርጉሙ የማኅተሙን ጽሑፍና ከጀርባ ያለውንም ይጨምር።

አራተኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ ነው።

አንድ ነገር፦ ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አታስደርጉ። ማኅተም የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ አይመታም።

🔹 ሁሉም አገር ይሄን አይጠይቅም

ሰው ገንዘብና ቀን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ለተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሙሉው ዙር ያስፈልጋል። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላም የራሳቸው ውጭ ጉዳይ ማረጋገጫ አለ። አሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚላክ ሰነድ ግን ሌላ ነው፦ የሚጠየቀው ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉምና «ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ ነው፣ ለመተርጎምም ብቁ ነኝ» የሚል የተርጓሚው የፊርማ ቃል ነው። ጀርመን ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰነዶች በማኅተም የማረጋገጥ አሠራርን አቁማለች። በምትኩ ሰነዱ ወጣ የተባለበት ቦታ ድረስ ሰው ልካ ታጣራለች። ለጀርመን ብላችሁ አምስት ማኅተም ብትሰበስቡ ማጣራቱን አያስቀርላችሁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነው የማስመታው?» ሳይሆን «የሚቀበለኝ ቢሮ በጽሑፍ ምን ጠይቋል?» ነው።

🔹 በምሳሌ እንየው

ባሏ ዱባይ ያለ፣ ከደሴ የመጣች ትዕግስት የምትባል ሴት አለች እንበል። በእጇ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርትም አለ።

ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እንዘርጋቸው። ፓስፖርቷ ላይ የስሟ የመጀመሪያ አናባቢ «አይ» ነው፤ የጋብቻው ላይ «ኢ» ሆኗል። በአማርኛ አንድ ስም ነው፤ በኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው፤ የሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም በፊደል በፊደል ከሱ ጋር መመሳሰል አለበት።

ቀጥሎ የልደት ቀን። በአማርኛ «ጥር 12 ቀን 1992» ይላል፤ በእንግሊዝኛው ጃንዋሪ 20, 2000። ትክክል ይመስላል፣ ጥምቀት ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነውና። ግን 1991 ጳጉሜን 6 ያላት ዓመት ነበረች። ስለዚህ የ1992 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12, 1999 ነው። ከዚያ አራት ወር ማለትም 120 ቀን ስንቆጥር ጥር 1 ጃንዋሪ 10, 2000 ይሆናል። ጥር 12 ደግሞ ጃንዋሪ 21 ነው። በአንድ ቀን ተሳስቷል! ፓስፖርቷ 21 የሚል ከሆነ ሰርተፍኬቱ መስተካከል አለበት። እንዲህ ያለው የአንድ ቀን ልዩነት ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው መስከረም 1 ተጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይቆያል። በነዚያ ወራት የተወለዳችሁ ደጋግማችሁ ቁጠሩ።

የት ታስተካክል? የመዘገባት ቢሮ ዘንድ፣ ደሴ። ፓስፖርቷንና ሌላ ማስረጃ ይዛ ታመለክታለች፤ ከተራ የጽሕፈት ስህተት ያለፈ ለውጥ ከሆነ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ልትጠየቅ ትችላለች። ተርጓሚው «እኔ ትርጉሙ ላይ አስተካክለዋለሁ» ካላት እንዳትስማማ። ትርጉሙና ዋናው ከተለያዩ ሰነዱ የተነካካ ይመስላል። እርማቱ የሚደረገው ደግሞ ከመጀመሪያው ማኅተም በፊት ነው። ማኅተሞቹ ካረፉ በኋላ ካረመች አዲስ ሰርተፍኬት ይሰጣታል፤ አሮጌው ላይ ያሉት ማኅተሞች ሁሉ አብረው ይቀራሉ።

🔹 ስለ ደላላ

«ወረፋ የለም፣ ዛሬውኑ አስመትቼ እመጣለሁ» የሚል ሰው አውቶቡስ ተራ አካባቢ አይጠፋም። ማኅተሙ እውነተኛ ይሁን አይሁን በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ ኤምባሲው ግን ጠይቆ ይደርስበታል፤ ያኔ ተጠያቂው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው። ምልክቱ ደረሰኝ ነው፦ የመንግሥት ቢሮ ለከፈላችሁት ክፍያ ደረሰኝ ይሰጣል። ደረሰኝ ያልመጣለት ማኅተም ከቢሮው ስለመምጣቱ ምንም ማስረጃ የላችሁም።

ዋናውን ከመስጠታችሁ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሱ፤ በየቢሮው ማኅተም ባረፈ ቁጥርም እንዲሁ።

ሰነድ ይዞ ሊሳፈር ያሰበ የምታውቁት ሰው ካለ ከመነሳቱ በፊት ላኩለት።