የቴሌግራም አካውንት በሌላ ሰው እጅ ሲገባ መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

የቴሌግራም አካውንት በሌላ ሰው መሣሪያ ላይ የሚከፈተው በአብዛኛው ባለቤቱ የመግቢያ ኮዱን ራሱ ሲሰጥ ነው። «በስህተት ወደ ስልክዎ የተላከ ቁጥር አለ፣ ያንብቡልኝ» የሚለው ጥያቄ የተለመደው መንገድ ነው። ከዚያ በኋላም የባለቤቱ ስልክ እንደ ወትሮው ስለሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ዘመድ ደውሎ «በቴሌብር ገንዘብ ላክልኝ ያልኸው እውነት ነው?» ሲል ነው።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከራሱ ስልክ ላይ ከአካውንቱ መውጣት ወይም መተግበሪያውን ማጥፋት የለበትም። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ሌሎች መሣሪያዎችን እንዲያስወጣ የሚፈቅደው ከገባ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ነባር ስልክ ወራሪውን ወዲያውኑ ማስወጣት ሲችል፣ ወራሪው ግን አንድ ቀን መጠበቅ ይኖርበታል።

ለምሳሌ አንድ ተገልጋይ ኮዱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰጥቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ነገሩን ቢያውቅና ደንግጦ መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና ቢጭነው፣ አዲስ ገቢ የሚሆነው እርሱ ነው። በማግስቱ ምሽት 2 ሰዓት ላይ የወራሪው 24 ሰዓት ይሞላል፤ የባለቤቱ የሚሞላው ደግሞ 4 ሰዓት ላይ ነው። በመካከል ባለው ሁለት ሰዓት ወራሪው ባለቤቱን ከገዛ አካውንቱ ሊያስወጣው ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ በነባሩ ስልክ Settings፣ ቀጥሎም Devices ከፍቶ Terminate All Other Sessions የሚለውን መጫን ነው። በዝርዝሩ የሚታየው የከተማ ስም ግምታዊ በመሆኑ፣ የማይታወቅ መሣሪያን ለመለየት የስልኩን ወይም የኮምፒዩተሩን ዓይነት መመልከት ይሻላል። ሲጠናቀቅ በዝርዝሩ መቅረት ያለበት በእጅ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም፤ የይለፍ ቃል ማውጣት አስቀድሞ የገባን ሰው አያስወጣም፤ ሲም ካርድ መቀየርም እንዲሁ። በ Privacy and Security ሥር Two-Step Verification ተከፍቶ፣ በሌላ አገልግሎት ላይ ያልዋለ የይለፍ ቃል ይሞላል። የመልሶ ማግኛ ኢሜይልም ይጠየቃል። የዚያ ኢሜይል የይለፍ ቃል በሌላ ሰው የታወቀ ከመሰለ አስቀድሞ መቀየር አለበት፤ የይለፍ ቃሉን ለመቀየር የሚያስችለው ኮድ የሚላከው ወደዚያው ነውና።

ወራሪው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አውጥቶ ከተገኘም ነባሩ ስልክ አሁንም ሊያስወጣው ይችላል። የይለፍ ቃሉን ለማስቀየር ግን ኢሜይሉ የወራሪው ከሆነ፣ ከዚያው ስልክ የማስቀየር ጥያቄ አቅርቦ 7 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ከስልኩ ላይ ከአካውንቱ የወጣ ባለቤት የወራሪውን የይለፍ ቃል ሲጠየቅ የሚያስገባው ነገር አይኖረውም።