የደመወዝ ጭማሪና ከፍ ያለ የግብር እርከን
በወልድያ ወይም በመርሳ የሚሠራ ተቀጣሪ የወር ደመወዙ ከ9,800 ወደ 10,400 ብር ቢያድግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከ25 በመቶው እርከን ወደ 30 በመቶው ይሻገራል። ሆኖም 30 በመቶው የሚሰላው ከ10,000 ብር በላይ ባለው 400 ብር ላይ ብቻ ነው፤ የኅዳግ ምጣኔ የሚባለው ይኸው ነው። ጠቅላላ ግብሩ ከ1,600 ወደ 1,770 ብር ከፍ ይላል። ይህም ከሙሉ ደመወዙ 17 በመቶ ገደማ ሲሆን ውጤታዊ ምጣኔ ይባላል። ከጭማሪው 600 ብር ውስጥ፣ የጡረታ መዋጮ ሳይታሰብ፣ 430 ብር ለሠራተኛው ይተርፋል።

ደመወዝ ከፋዩ በአጭሩ ሲያሰላ 10,400ን በ30 በመቶ አባዝቶ 1,350 ብር ይቀንሳል። በስሕተት የቀድሞውን እርከን ተቀናሽ 850 ብር ከወሰደ ግብሩ በ500 ብር ይበዛል፤ የሠራተኛው የተጣራ ክፍያም ከጭማሪው በፊት ከነበረው በ70 ብር ያንሳል። ስለዚህ ደመወዝዎ ጨምሮ ሳለ እጅዎ የሚገባው ካነሰ፣ አስቀድመው ይህን ተቀናሽ ያጣሩ።