የሁለት ጠገራ ብሮች ምስክርነት

ዳንግላ ከተማ በጉርብትና የማውቃቸው አንዲት አሮጊት እናት ሁለት ጠገራ ብር ይዘው ወደ ቤቴ የመጡት ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ብሮቹ ከእናታቸው የወረሷቸው ናቸው። እናታቸውም ሲዳሩ በጥሎሽ የተቀበሏቸው ነበሩ። «አንተ የባንክ ሰው ነህ ልጄ፤ ግዛኝ» አሉኝ። እኔም አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ስለነበር በደስታ ተቀበልኋቸው፤ ወደ መስኮቱም ጠጋ ብዬ አገላበጥኋቸው። ከዚያም እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ቃል ተናገርሁ። «እማማ፣ እነዚህ ሐሰተኛ ይመስሉኛል» አልኋቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልሁ ልንገራችሁ። በአንደኛው ብር አናት ላይ ግራጫ የብየዳ እብጠት ነበረበት። በንግሥቲቱ ደረት ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች ተልገው ጠፍተዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ብወረውረውም ድምፁ እንደ ብር አልጮኸም፤ ደነዘዘብኝ። ሁለተኛው ደግሞ ትናንት የተመታ እስኪመስል ጥርት ያለ ነው። የንስሩ ጅራት ላባና የዕንቁዎቹ አቀማመጥም ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ይህ ሁሉ ልዩነት እያለ ሁለቱም 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾባቸዋል። እማማ ዝም ብለው ብሮቹን በመቀነታቸው ቋጠሩ፤ «እናቴ ተታላ ኖሯልና» ብለው ወጡ። የእኔን አላዋቂነት እናታቸው ላይ ለጠፍሁት ማለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ ስለዚህ ገንዘብ ያሉኝን መጻሕፍት አወጣሁ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ሞተች። ገንዘቧ ግን በቀይ ባሕር ንግድ እጅግ ተፈላጊ ስለነበር የመጨረሻው ዓመቷ ቀን ሳይቀየር መመታቱ ቀጠለ። ከምስሏ ሥር የሚታዩት ሁለት የላቲን ፊደላት ጉንዝቡርግ በተባለች ከተማ የነበሩ የሁለት የገንዘብ ቤት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው። ሹማምንቱ ካለፉ በኋላም ፊደላቱ አልተነሡም። በ19ኛው መቶ ዓመት ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስና ፕራግ ይህንኑ ብር መትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር የተዘጋጀው ሙሶሊኒ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማስመታት ጀመረ። እንግሊዞችም ወዲያው በለንደን፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 በቦምቤ አስመቱ። እያንዳንዱ ገንዘብ ቤት የራሱን ማኅተም ስለቀረጸ የዕንቁውና የላባው አሠራር በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ሁለት እውነተኛ ጠገራዎች አለመመሳሰላቸው የሐሰት ምልክት አይደለም። ዓመታቸው አንድ መሆኑም እንደዚያው ነው።

የጠራው ብርም በአዊ ምድር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዳንግላ ከጣልያን ወረራ በፊት የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ ነበረች፤ ቆንስል ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት ኖሮባታል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ሲያመሩ ለአርበኞችና ለስንቅ የሚከፈለው ጠገራ በግመል ተጭኖ ይገባ ነበር። ጣልያኖችም በተከታዩ ወር ከዳንግላና ከእንጅባራ ወጡ። በእነዚያ ቀናት ከገንዘብ ቤት ወጥቶ ብዙም እጅ ሳይነካው ጎጃም የደረሰ ብር አለ ማለት ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጠገራ ቢኖር፣ ጥርት ብሎ እስከ ዛሬ ቢቆይ አይደንቅም።

የብየዳው ነገር ደግሞ ከዚህም ይቀላል። እናቶቻችን ጠገራን በድሪ እየሰኩ አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር። ለዚህም አንጥረኛው አናቱን ይበሳዋል፤ ወይም ቀለበት ይበይድበታል። ኋላ ገንዘቡ ሲያስፈልግ ቀዳዳው ይደፈናል። የተደፈነ ወይም የተሰነጠቀ ብር ደግሞ አይጮኽም። የጥንት ነጋዴዎች ዕንቁውን በጣት እየቆጠሩ፣ ብሩን እያንቃጨሉ ይፈትኑ የነበረው ገንዘቡ በገበያ ሲዘዋወር ነው። ያው ፈተና በእናት አንገት ላይ ያረጀውን ብር ሐሰተኛ ያሰኘዋል።

ታዲያ እርጅናና ጥገና የማያታልሉት ፈተና የቱ ነው? ሚዛን ነው። ጠገራ ሲመታ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። እንዲህ ያለው ቅይጥ ከእኩል ይዘት ውኃ 10.2 ጊዜ ይከብዳል። ብሩ ቢላግ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ይህ ንጽጽር ግን አይለወጥም።

በማግሥቱ እማማን ይቅርታ ጠይቄ ብሮቹን ይዘው እንዲመጡ ለመንኋቸው። የአንጥረኛ ሚዛን ተውሼ ነበር። የውኃ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስሁ። ብሩንም በቀጭን ክር አንጠልጥዬ፣ ታቹንና ጎኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አሰጠምሁት። ያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ብሩ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። የተበየደው ብር በአየር 27.2 ግራም መዘነ፤ የገፋው ውኃ 2.68 ግራም ሆነ። ሲካፈል 10.15 ነው፤ የጎደለችው ኢምንት የብየዳው ናት። የጠራው 28.0 መዝኖ 2.74 ገፋ፤ ውጤቱ 10.2 ሆነ። ከዚያም ቀደም ሲል ከአንድ ሻጭ የገዛሁትን፣ ዕንቁው አንድ ሳይጎድል የሚታየውን፣ የምኮራበትን ጠገራዬን መዘንሁ። ክብደቱ 24.1፣ የገፋው ውኃ 2.80፣ ውጤቱ 8.6። የናስ ዘመድ ነው። ከሦስቱ ሐሰተኛው እጅግ ያማረው ኖሯል!

ይህም ፈተና ወሰን አለው። ከባድና ቀላል ብረት አመጣጥኖ ያቀለጠ አታላይ ሚዛኑን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ጠርዙንም ማየት ይገባል። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ላይ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ይዞራል። በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ሐሰተኛ ግን ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ወይም የአየር ቀዳዳዎች ይታዩበታል። በእማማ ብሮች ላይ ጽሑፉ አለ፤ በተበየደው አናት አጠገብ ብቻ ተልጓል። በእኔው ላይ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። የትኛው በየትኛው ከተማ እንደተመታ ግን ሚዛኑ አይናገርም።

እማማ የሒሳቡን ነገር አልተከተሉትም። «እንግዲያ እናቴ አልተታለለችም?» ብቻ አሉኝ። «የተታለልሁስ እኔ ነኝ» አልኋቸው። የጠራውን ብር በተገቢው ዋጋ ገዛኋቸው። የተበየደውን ግን አልሸጡልኝም፤ መልሰው በመቀነታቸው ቋጠሩት።