መለኮታዊ ፍንጣሪ (ግኖስቲሲዝም)

መለኮታዊ ፍንጣሪ በግኖስቲሲዝም ትምህርት ከላይኛው የብርሃን ዓለም ወርዶ በሰው ውስጥ ተሰውሯል የሚባል የአምላክ ኃይል ነው። ትምህርቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው፣ የምናየው ግዙፍ ዓለም ጎዶሎ ነው፤ የሠራውም የሁሉ የበላይ የሆነው አምላክ ሳይሆን አላዋቂ የሆነ ዝቅተኛ ገዥ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ያ ገዥ ሳያውቀው የላይኛው ዓለም ብርሃን በሰው ውስጥ ገብቷል፤ ሰውም ይህን ሲያውቅ ይድናል ይላል። «ግኖሲስ» የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ እውቀት ነው። ትምህርቱ በ2ኛውና በ3ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ፣ በሶርያና በሮም ተስፋፍቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ስያሜው

«ፍንጣሪ» የሚለው ቃል ከሚገኝባቸው የታወቁ ቦታዎች አንዱ የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ በ180 ዓ.ም. ገደማ መናፍቃንን በመቃወም የጻፈው መጽሐፍ ነው። ኢሬኔዎስ ስለ አንጾኪያው ሳቶርኒኖስ ትምህርት ሲያስረዳ እንዲህ ያለ ታሪክ ይተርካል። መላእክት ሰውን ሠሩ፤ የሠሩት ሰው ግን መቆም ስላልቻለ እንደ ትል በምድር ላይ ይንፏቀቅ ነበር። የላይኛው ኃይል አዘነለትና የሕይወት ፍንጣሪ ላከለት። ሰውየው በዚህ ተነሥቶ ቆመ። ሰው ሲሞት ፍንጣሪው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የቀረው የአካል ክፍል ደግሞ ወደ ተሠራበት ነገር ይበተናል።

ሌሎች የግኖስቲክ መጻሕፍት ይህንኑ ነገር «ኃይል»፣ «መንፈስ» ወይም «ብርሃን» ይሉታል። የዓለሙ ሠሪ ደግሞ ዴሚዩርግ ይባላል። ቃሉ በግሪክኛ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ከሱ በታች ሆነው ሰማያትን የሚጠብቁት ኃይሎች አርኮኖች፣ ማለትም ገዥዎች፣ ይባላሉ።

## በዮሐንስ ምስጢራዊ መጽሐፍ እንደሚተረከው

ሁለቱ የትምህርቱ ክፍሎች እንዴት እንደሚያያዙ በግልጽ የሚታየው «የዮሐንስ ምስጢራዊ መጽሐፍ» በሚባለው ድርሰት ነው። ይህ ከዮሐንስ ወንጌልም ሆነ ከዮሐንስ ራእይ የተለየ መጽሐፍ ነው። በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ አራት ቅጂዎች አሉት። ሦስቱ በ1945 በላይኛው ግብፅ ናግ ሐማዲ አጠገብ ከተገኙት መጻሕፍት መካከል ናቸው፤ አራተኛው በበርሊን ይገኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከማይታየው መንፈስ ነው። እሱ ስም የማይወጣለት፣ ምንም የማይጎድለው የሁሉ ምንጭ ነው። ከእሱ የብርሃን አካላት በየተራ ይወጣሉ። ከነዚህ የመጨረሻዋ ሶፍያ፣ ማለትም ጥበብ፣ የመንፈሱ ፈቃድና የአጣማሯ ስምምነት ሳይኖር ብቻዋን ልጅ ለመውለድ አሰበች። የተወለደው እሷን የማይመስል፣ የአንበሳ ፊትና የእባብ አካል ያለው ፍጥረት ሆነ። አፍራ ማንም እንዳያየው በደመና ሸፈነችው። ስሙ ያልዳባኦት ነው፤ ሳክላስና ሳማኤልም ይባላል። ሳክላስ በአረማይክ ቂል ማለት ነው።

ያልዳባኦት ከእናቱ ኃይል ወስዶ ከቦታው ራቀ፤ አርኮኖችንና ሰማያትንም ሠራ። ከእሱ በላይ ያለውን ስለማያውቅ እኔ ቀናተኛ አምላክ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ የለም ብሎ ተናገረ። መጽሐፉ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሌላ ከሌለ በማን ይቀናል? የሚል ክርክር ያነሣል። ገዥው ሌላ የለም ባለበት ቃል የሌላውን መኖር ለመላእክቱ ገለጠ ማለት ነው። የዓለሙ ጉድለትም ከዚህ ይመጣል። ሠሪው የተጠቀመበት ኃይል ከእናቱ የወሰደው ነው፤ ያ ኃይል ከየት እንደ መጣ ግን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የላይኛው ሰው መልክ በውኃ ላይ ታየ። አርኮኖቹ ብርሃኑን ለራሳቸው ለማድረግ ተስማምተው በመልኩ አዳምን ሠሩ። በረጅሙ ቅጂ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል የሠራው መልአክ በስም ተዘርዝሯል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ግን አዳም ሳይንቀሳቀስ ተጋድሞ ቀረ።

ፍንጣሪው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሶፍያ ተጸጽታ ኃይሏ እንዲመለስላት ለመነች። ከላይ የተላኩ መልእክተኞችም ለያልዳባኦት በአዳም ፊት ላይ እፍ እንዲልና ሰውነቱ እንዲነሣ መከሩት። እሱም ምክሩን ተቀብሎ እፍ አለ። ከእናቱ ወስዶት የነበረው ኃይል በዚያው እስትንፋስ ከእሱ ወጥቶ ወደ አዳም ገባ። አዳም ተንቀሳቀሰ፣ አበራም። አርኮኖቹ ከሠሪዎቹ ይልቅ አስተዋይ መሆኑን ሲያዩ ቀኑበትና ወደ ታችኛው የግዙፍ ነገር ክልል ጣሉት። ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ሌላ አካል ሠርተውም አሰሩበት። መጽሐፉ ይህን አካል መቃብርና የመርሳት እስራት አድርጎ ይገልጸዋል።

ስለዚህ በዚህ ትረካ የሰው ችግር መርሳት ነው። መዳንም ማስታወስ ይሆናል። ከላይ የሚወርደው አዳኝ ወደ እስር ቤቱ ገብቶ የተኛውን ይቀሰቅሳል፣ ከየት እንደ መጣም ይነግረዋል። ያወቀች ነፍስ ወደ ብርሃን ትወጣለች። ያላወቀች ደግሞ እስክትነቃ ድረስ እንደገና ወደ እስራቱ ትጣላለች።

## በግዕዝ ከተጠበቁ መጻሕፍት ጋር ያለው ግንኙነት

### ዕርገተ ኢሳይያስ

ዕርገተ ኢሳይያስ ሙሉው የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በሌሎች ቋንቋዎች የተረፉት ከፊል ቅጂዎች ናቸው። በዚህ መጽሐፍ ነቢዩ ኢሳይያስ በሰባት ሰማያት አልፎ ይወጣል። ከዚያም የተወደደው ልጅ ሲወርድ ያያል። ልጁ ከአምስተኛው ሰማይ ጀምሮ በየደረሰበት የዚያን ሰማይ መላእክት መልክ እየያዘ ስለሚወርድ አያውቁትም። በሩን የሚጠብቁት የይለፍ ቃል ሲጠይቁትም ይሰጣቸዋል። የዚህ ዓለም ገዥዎች ደግሞ እኛ ብቻ ነን፣ ከእኛ ሌላ የለም እንዳሉ ይነገራል። በጠፈሩ የሚዋጋው አለቃም ስሙ ሳማኤል ነው።

ተመሳሳይነቱ ግልጽ ነው፤ የሳላሚሱ ኤጲፋንዮስም አርኮንቲካውያን የተባሉት ግኖስቲኮች በኢሳይያስ ስም በሚጠራ የዕርገት መጽሐፍ ይጠቀሙ እንደ ነበር በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በዕርገተ ኢሳይያስ የዓለሙ ገዥዎች የካዱ ዐመፀኞች ናቸው እንጂ የዓለሙ ፈጣሪዎች አይደሉም። በሰው ውስጥ የተሰረቀ ብርሃን አለ የሚል ትምህርትም የለበትም።

### መጽሐፈ ሄኖክ

መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው የተጠበቀው በግዕዝ ሲሆን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። ዓለም ለምን እንደ ተበላሸ ሲያስረዳ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወርደው የሰው ልጆችን ሴቶች እንዳገቡ፣ አዛዝኤልም የጦር መሣሪያ መሥራትን እንዳስተማረ ይናገራል። ክፋት ከጥሩ ፍጥረት በኋላ በዐመፅ የገባ ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያ ምዕራፎቹ ከዋክብቱን፣ ዛፎቹንና ወራቱን ተመልከቱ፣ ከሥርዓታቸው አልወጡም፤ የወጣችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ይወቅሳል። ለግኖስቲኩ ግን የከዋክብቱ ሥርዓት ራሱ የእስር ቤቱ አጥር ነው።

የዮሐንስ ምስጢራዊ መጽሐፍ የመላእክቱን ታሪክ ወስዶ ለራሱ ሐሳብ ለውጦታል። በእሱ ውስጥ መላእክቱን ወደ ሰው ሴቶች ልጆች የላካቸው ያልዳባኦት ነው።

ሁለቱን ዓይነት መጻሕፍት ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ። ዓለሙን የሠራው ማን ነው? ክፋት የመጣው ከመሥራቱ ነው ወይስ ከመተላለፍ? በመጨረሻስ ሥጋ ይነሣል ወይስ ይጣላል? ሄኖክ ምድር የተቀበለቻቸውን ሙታን እንደምትመልስ ይናገራል፤ የሳቶርኒኖስ ትምህርት ግን ሥጋ ተበትኖ ይቀራል ይላል። ሰባት ሰማያት፣ ክፉ ገዥዎችና ምስጢር ብቻቸውን አንድን መጽሐፍ ግኖስቲክ አያደርጉትም።

## ጄምስ ብሩስና ሁለቱ የሄኖክ መጻሕፍት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሁለቱንም ዓይነት መጻሕፍት ወደ አውሮፓ ወስዷል። በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት በላይኛው ግብፅ አንድ የቅብጥ የፓፒረስ መጽሐፍ ገዛ። ከዚያ ወደ ጎንደር መጣ፤ በኖቬምበር 4 ቀን 1770ም በአገው ምድር ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ ደረሰ። ቦታው ዛሬ በሰከላ ወረዳ ውስጥ ሲሆን ከአዊ ዞኗ ዳንግላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቦታውን ቀድሞ አይቶታል። ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ነበር፤ ከነዚህ በአንዱ በመጠቀም ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ።

የቅብጡ መጽሐፍ ዛሬ «የብሩስ ኮዴክስ» ተብሎ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በውስጡ ያለውን አንዱን ድርሰት ጀርመናዊው ካርል ሽሚት በ1892 ባሳተመው ጥናት «የዬው መጻሕፍት» መሆኑን ለየ። ድርሰቱ ነፍስ በየሰማዩ በር ስትደርስ የምታሳየውን ማኅተምና የምትናገረውን ስም በሥዕል ጭምር ይዘረዝራል። በዕርገተ ኢሳይያስ ወራጁ አዳኝ የሚሰጠው የይለፍ ቃል እዚህ ወደ ላይ ለምትወጣ ነፍስ ተሰጥቷል ማለት ይቻላል። «ፒስቲስ ሶፍያ» የሚባለው ሌላ የግኖስቲክ መጽሐፍ ደግሞ የዬውን መጻሕፍት ኢየሱስ በገነት ሲነግረው የጻፋቸው ሄኖክ ነው ይላል። በዚህ አነጋገር ከሄዱ ብሩስ በሄኖክ ስም የሚጠሩ ሁለት መጻሕፍት ይዞ ተመልሷል። አንዱ ፍጥረትን ለፈጣሪው ምስክር አድርጎ ያቀርባል፤ ሌላው ከፍጥረት ማምለጫ መንገድ ያሳያል።

## ስለ ስያሜው ክርክር

«ግኖስቲሲዝም» አንድ ወጥ ድርጅት ወይም ሃይማኖት አልነበረም። የቫለንቲኖስ ተከታዮች ስለ ዓለሙ ሠሪ የሚናገሩት ከዮሐንስ ምስጢራዊ መጽሐፍ ይልቅ ለስለስ ባለ ቋንቋ ነው፤ ለእነሱ አላዋቂ እንጂ ክፉ አይደለም። በዚህ ምክንያት ማይክል ዊልያምስ በ1996፣ ካረን ኪንግ ደግሞ በ2003 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ቃሉ የተለያዩ ትምህርቶችን በአንድ ላይ እንደሚጨፈልቅ ተከራክረዋል። ብዙ አጥኚዎች ግን አላዋቂ ሠሪና በሰው ውስጥ የተሰወረ የላይኛው ዓለም ኃይል አንድ ላይ ለሚገኙባቸው ጽሑፎች ቃሉን አሁንም ይጠቀሙበታል።