የቀኑን የካሎሪ መጠን በየማዕዱ ማከፋፈልና የምግቡን ግራም ማስላት

የጤና ባለሙያ በቀን የሚያስፈልግዎትን የኃይል መጠን በኪሎ ካሎሪ ከወሰነልዎት በኋላ የሚቀረው ሥራ መጠኑን በየማዕዱ መደልደልና ወደ ግራም መለወጥ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ስሌት በሳሪስ አቦ አካባቢ የምትኖር፣ ምሳዋን በምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ሥራ የምትሄድና በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ የተወሰነላትን ሴት ምሳሌ ያደርጋል።

ሠራተኛዋ ለቁርስ 500፣ ለምሳ 700፣ ለመክሰስ 200፣ ለእራት 600 ትመድባለች። ድልድሉ እንደ ሥራ ሰዓት ሊለወጥ ይችላል። በጾም ቀን ቁርስ የማይበላ ከሆነ የቁርሱ ድርሻ ወደ ምሳና እራት ይዛወራል እንጂ አይሰረዝም።

ምሳዋ እንጀራ በሽሮ ወጥ ነው። የወጡ ስሌት የሚጀምረው ከጥሬ ዕቃው ነው። 150 ግራም ሽሮ ዱቄት ወደ 540፣ 60 ግራም ዘይት 540፣ ሽንኩርቱና በርበሬው በአንድነት ወደ 140፣ በድምሩ 1220 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣሉ። ውኃ ኃይል ስለሌለው አይቆጠርም፤ ክብደቱ ግን በወጡ ውስጥ ይኖራል። በመሆኑም ድስቱ አስቀድሞ ባዶውን ይመዘናል፤ ወጡ ከበሰለ በኋላም ከነድስቱ ተመዝኖ የድስቱ ክብደት ይቀነሳል። የተጣራው ወጥ 1000 ግራም ቢሆን እያንዳንዱ 100 ግራም 122 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል ማለት ነው።

ሠራተኛዋ 200 ግራም ወጥ ብትይዝ 244 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከ700 ላይ 456 ይቀራል። 100 ግራም የጤፍ እንጀራ በግምት 160 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ፣ 456 ለ160 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 285 ግራም እንጀራ ይሆናል። እንጀራ እንደ ሊጡ ቅጥነትና ውፍረት፣ እንደ አዋዋሉም የውኃ መጠኑ ስለሚለያይ፣ ይህ ቁጥር በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

በስሌቱ ላይ ሁለት ስህተቶች በብዛት ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው የጤፍ ዱቄትን ቁጥር ለእንጀራ መጠቀም ነው። 100 ግራም ዱቄት ወደ 360 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ከእንጀራው ክብደት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። በዱቄቱ ቁጥር ብትሠራ ኖሮ ለሠራተኛዋ የሚደርሳት 127 ግራም እንጀራ ብቻ በሆነና እስከ መክሰስ ሰዓት በራበት ነበር።

ሁለተኛው ዘይትን በዓይን ገምቶ መጨመር ነው። በ60 ፋንታ 120 ግራም ቢፈስና የተጣራው ወጥ ያው 1000 ግራም ቢሆን፣ 200 ግራሙ 352 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ ጭማሪው ወደ 68 ግራም እንጀራ ይተካከላል። በሳህን ላይ ሲታይ ግን ልዩነቱ እምብዛም አያስታውቅም። ስለዚህ የዘይቱን ጠርሙስ ከመጨመር በፊትና በኋላ መዝኖ ልዩነቱን መመዝገብ ይመረጣል። ዘይት የሚሸጠው በሊትር መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ አንድ ሊትር የሚመዝነው 1000 ሳይሆን ወደ 920 ግራም ነው።

የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው እንዲሁም ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች 2000 የሚለውን ቁጥር ለራሳቸው ሳይወስዱ፣ መጠኑንም ሆነ የማዕዱን ድልድል በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ማስወሰን ይኖርባቸዋል።