አልዶሌዝ ከኤቲፒ ይቅደም፦ ለተቸገረ ተማሪ ስለ ነፃ ኢነርጂ የሚጻፍ ደብዳቤ ከየት ይጀምር?

ባዮኬሚስትሪ ለከበደው ተማሪ አስጠኚው የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በኤቲፒ ይከፈታል። ልማዱ ፍሪትዝ ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳተሙት ጽሑፍ የተወረሰ ነው፤ «ከፍተኛ ኢነርጂ ያለው የፎስፌት ትስስር» የሚለውን አገላለጽና የ«~» ምልክቱን ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ጽሑፉ ለሜታቦሊዝም ጥናት ስላበረከተው ነገር ክርክር የለኝም። ክርክሬ በተማሪው አእምሮ ከሚተወው ሥዕል ጋር ነው፦ ኢነርጂ በትስስር ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ ነገር፣ በሠንጠረዥ የሰፈረው −30.5 ኪሎጁል በሞልም የማይለወጥ ዋጋው። ይህን ያመነ ተማሪ አልዶሌዝ ዘንድ ሲደርስ ይደናገራል። ፍሩክቶዝ 1፣6-ቢስፎስፌት ለሁለት የሚከፈልበት የዚህ ሪአክሽን መደበኛ ለውጥ +23.8 ነው፤ ግላይኮሊሲስ ግን አይቆምም።

ደብዳቤው ከዚሁ መደናገር ቢነሳ ይሻላል። መደበኛው ቁጥር ሕዋሱን አይገልጽም፤ የሚናገረው እያንዳንዱ ሟሚ 1 ሞላር፣ ፒኤችም 7 ቢሆን ስለሚሆነው ነው። ትክክለኛውን ለውጥ የሚሰጠው ΔG = ΔG°′ + RT ln Q ሲሆን፣ Q በዚያች ቅጽበት የውጤቶቹ ክምችት ብዜት ለመነሻው ክምችት ሲካፈል የሚገኘው ነው። አልዶሌዝ ከአንድ ሞለኪውል ሁለት ስለሚያወጣ ክምችት ሲሳሳ Q ራሱ ይወርዳል። ለስሌት እንዲቀል ሦስቱም 0.1 ሚሊሞላር ናቸው እንበል፦ Q 0.0001 ይሆናል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ RT ln Q −22.8 ነው፤ ድምሩም ወደ +1.0 ይወርዳል። ቀጣዩ ኢንዛይም ግሊሰራልዴሃይድ 3-ፎስፌትን እየወሰደ በአሥር እጥፍ ቢያሳንሰው ΔG −4.7 ይሆናል፣ ሪአክሽኑም ወደፊት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሀል +23.8 ንቅንቅ አላለም። ተማሪው ምልክቱን ከሠንጠረዥ ላይ አንብቦ አቅጣጫ ከወሰነ ስህተቱ እዚያው ላይ ነው።

ባርባራ ባንክስ እ.ኤ.አ. በ1969 የትስስሩን አስተሳሰብ አጥብቀው ተችተው ነበር፤ ሊነስ ፖሊንግን ጨምሮ ታላላቅ ስሞች መልስ ሰጡባቸው፣ የማስተማሪያ መጻሕፍትም ትችቱን ብዙም ሳያነሱት አለፉ። መነበብ ግን ይገባዋል። ኤቲፒ፣ ኤዲፒና ፎስፌት ሚዛን ላይ ቢደርሱ መደበኛው ለውጥ ያው −30.5 ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ዜሮ። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለውጡን ወደ −52 ገደማ የሚያወርደው ሕዋሱ ከሚዛን አርቆ የያዘው የክምችት ጥምርታ ነው።

መደበኛው ቁጥር ውህዶችን ለማነጻጸር ይረዳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሚዛኑ የት እንዳለም ይነግራል፣ ግን ተማሪው የጠየቀው ይህን አይደለም። ከዚህ የሚከብደው የሕዋስ ክምችት በትክክል አይለካም የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ኤዲፒ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ጠቅላላው ልኬት ነፃውን አጋኖ ያሳያል፤ −52ም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ነገር ግን ነፃው ኤዲፒ ካነሰ Q የበለጠ ይወርዳል፣ ለውጡም ከ−30.5 ይበልጥ ይርቃል እንጂ አይቀርብም።