በ«ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ የስደትና የመለያየት ምክንያት

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ይባላል፤ በርዝመቱ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ለአጭር ልቦለድ ይቀርባል። ደራሲው ራሳቸው ከአገር ርቀው ጣሊያን ውስጥ ይኖሩ ነበር።

በታሪኩ በጦርነት የተማረከ የጦር አለቃ አንድ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ቤተሰቡን የሚበትነው ታዲያ ጦርነቱ ሳይሆን ይኸው ውለታ ነው። ልጁ ዋህድ የአባቱን ባለውለታ ፍለጋ ከቤት ይወጣል፤ እሱም በተራው ጠፍቶ አባቱና መንትያ እህቱ ጦቢያ ይፈልጉት ዘንድ ይነሳሉ። ስለዚህ ስደተኛውን ከቤት የገፋው ክፉ ሰው የለም። ድህነትም አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። መለያየቱ የሚከብደውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚወቀስ ሰው አይገኝምና።

ፍለጋው ጦቢያን ይለውጣታል፤ መንገዱ ለሴት ስለማያመች ወንድ መስላ ትጓዛለች። መጨረሻው በአጋጣሚና በጋብቻ መጠናቀቁ ተዓማኒነቱን ያላላዋል፤ ዋህድን ከጠፋበት የሚመልሰው ከታሪኩ ውስጥ የበቀለ ምክንያት አይደለምና። ያም ሆኖ መጽሐፉ በኋላ የታወቀው በሄደው ሳይሆን በፈላጊዋ ስም፣ «ጦቢያ» ተብሎ ነው።